የጎጃም በርበሬ ለማን ይሸጥ? ጅምላ ነጋዴ፣ ሱቅ እና ቀጥታ ሸማች ሲነጻጸሩ

ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን በርበሬ በብዛት የሚመረትባቸው ወረዳዎች ናቸው። በአካባቢው ከተሞች፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም እስከ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር፣ ዛላ ገዝተው ቀንጥሰው፣ ደልዘው፣ ቅመም ጨምረው፣ አስፈጭተውና አሽገው የሚሸጡ ባልትና አዘጋጆች እየበዙ ነው። ሥራው ከተለመደ በኋላ ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ያዘጋጀሁትን ለጅምላ ነጋዴ ልስጥ? ለሱቆችና ለሱፐርማርኬቶች ላከፋፍል? ወይስ እኔው ራሴ ለበላተኛው ልሽጥ?

አብዛኛው ሰው ጥያቄውን የሚፈታው የመሸጫ ዋጋዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። ጅምላ ነጋዴው በኪሎ 450 ይሰጣል፣ ሱቁ 530፣ ሸማቹ 620፤ እንግዲህ ለሸማቹ መሸጥ ይሻላል ይባላል። ይህ አካሄድ የሚያሳስተው፣ በሦስቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው መካከል ገብቶ የሚሠራው ሥራ ዋጋ መሆኑን ስለሚዘነጋ ነው። ያንን ሰው ስታስወጡት ሥራው አብሮት አይሄድም፤ ወደ እናንተ ይመጣል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በፍኖተ ሰላም በወር 300 ኪሎ የተዘጋጀ በርበሬ ማውጣት የምትችል አንዲት ባለሙያ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ የተያዙ ናቸው፤ የዛላ ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለዋወጥ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት። ዛላው፣ ቅመሙ፣ የቀንጣሾቹ ክፍያ፣ ወፍጮውና ቤት ኪራዩ ተደምሮ፣ በኪሎ ማሸጊያ ታሽጎና ስሟ ተለጥፎበት አንድ ኪሎ 400 ብር ይፈጅባታል። ሳይታሸግ በጆንያ ከወጣ ደግሞ 380።

ጅምላ ነጋዴው

ነጋዴው መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ 300ውንም ኪሎ በአንድ ቀን ይጭናል። ግማሹን ገንዘብ እዚያው፣ ቀሪውን ዕቃው ከደረሰ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከፍላል እንበል። ዋጋው 450፣ ወጪው 380፤ በኪሎ 70 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ የጫኝ ሒሳብና የሚዛን ጉድለት ይነሳል። የሚዛን ጉድለት ትንሽ ቢመስልም ልብ ካልተባለ ይበላል። የተፈጨ በርበሬ መንገድ ላይ ጥቂት ይደርቃል፣ ጆንያውም የራሱ ክብደት አለው፣ እና ነጋዴው ከኩንታል አንድ ኪሎ ቀንሶ የመያዝ ልማድ ሊኖረው ይችላል። አንድ ኪሎ ከኩንታል ማለት በእያንዳንዱ ኪሎ አራት ብር ተኩል ነው። ስለዚህ ሚዛኑ የሚታሰበው እናንተ ግቢ ሲጫን እንጂ እሱ መጋዘን ሲራገፍ እንዳይሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ይህን ሁሉ ቀንሰን 63 ብር እንያዝ፤ በወር 18,900 ብር ማለት ነው።

በቁጥጥር በኩል ግን ጅምላ ሽያጭ ብዙ ያሳጣል። በጆንያ የወጣ በርበሬ ከግቢ እንደወጣ ስም የለውም። ነጋዴው ከሌላ ቦታ ከመጣ ጋር ሊደባልቀው፣ ቀለሙ የደበዘዘውን ለማድመቅ ሊጠቀምበት፣ አልፎም በራሱ ማሸጊያ ሊያወጣው ይችላል። በዚህ ንግድ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ መገኘቱ አዲስ ወሬ አይደለም። የሚቀጥለው ጥያቄ ከየት ተገዛ የሚል ሲሆን፣ ስም ያልነበረው ዕቃ ባለቤት ሆኖ መገኘት ሊመጣ ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ፍጭ ሩብ ኪሎ ወስዳችሁ፣ አሽጋችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ የተረካቢውን ፊርማ ያለበት ደረሰኝም አብራችሁ ያዙ። ክርክር ሲነሳ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ሌላው የቁጥጥር ጉዳይ ዋጋ ነው። ምርታችሁን በሙሉ የሚወስድ አንድ ነጋዴ ብቻ ካላችሁ፣ በሦስተኛው ወር ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። ይህን የምታውቁት ስልክ ስትደውሉ መልስ ለመስጠት ሲዘገይ ነው፤ ሌላ አማራጭ እንደሌላችሁ ቆጥሯል ማለት ነው። ለሁለት ነጋዴዎች በየተራ ማቅረብ፣ ሁለተኛው በኪሎ አምስት ብር አሳንሶ ቢገዛም እንኳ፣ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሱቁና ሱፐርማርኬቱ

እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ብዙ ሰው ኪሳራውን ሳያየው የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው።

ባለሙያችን በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ካሉ ሱቆች ጋር ተስማምታ አንዱን ኪሎ በ530 ታቀርባለች፤ እነሱ በ620 ይሸጡታል። ከወጪዋ በላይ 130 ብር ይተርፋታል፣ ከጅምላው ሁለት እጥፍ ገደማ። የሱቁ ግን ሥራ አለው። ዕቃውን እስከ በሩ ማድረስ በኪሎ 8 ብር ይፈጃል እንበል። በየሱቁ እየዞረ የሚያራግፍና ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው 22 ብር። ያልተሸጠ፣ የተቀደደና የደበዘዘ ሆኖ የሚመለስ ከመቶ ሦስት ያህል ቢሆን 16 ብር። «ነገ» እየተባለ ሳይከፈል የሚቀር ዱቤ ከመቶ ሁለት ቢሆን 11 ብር። ድምሩ 57 ነው፤ 130 የነበረው 73 ይሆናል። ከጅምላው የሚበልጠው በአሥር ብር ብቻ ነው።

እነዚህ አራት ወጪዎች የማይታዩበት ምክንያት አንድ ቦታ ስለማይጻፉ ነው። አድራሹ ብዙ ጊዜ የቤት ልጅ ነው፣ የመኪናው ከሌላ ጉዳይ ጋር ይደባለቃል፣ የተመለሰው እሽግ ቤት ውስጥ ይበላል። ለሁለት ወር ብቻ እንኳ በየሱቁ ስም አንድ ገጽ ከፍታችሁ የገባውን፣ የተመለሰውንና የተከፈለውን ብትመዘግቡ፣ ከሱቆቹ ግማሾቹ ትርፍ እንደማያመጡ ልታዩ ትችላላችሁ።

ከትርፉ በላይ የሚያሳስበው ግን ውጭ የሚቀረው ገንዘብ ነው። በወር 150 ኪሎ ለሱቆች ብትሰጥና ክፍያው በአማካይ በ45 ቀን ቢመለስ፣ በማንኛውም ጊዜ 225 ኪሎ ያህል በሱቅ መደርደሪያና በዱቤ ደብተር ላይ አለ። በ400 ብር ወጪ ሲታሰብ 90,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከጅምላው በላይ የሚያመጣላት ትርፍ በወር 1,500 ብር ነው፤ 150 ኪሎ በአሥር ብር።

አሁን የዛላውን ወቅት አስቡ። በርበሬ ከጥቅምት ጀምሮ እየተለቀመ ገበያ ሲወጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ገብቶ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ሰው በርበሬ ሲያዘጋጅ ይንራል። ዛላው በታኅሣሥ 200 ብር ቢሆንና በነሐሴ 300 ቢደርስ፣ ያ 90,000 ብር በታኅሣሥ እጇ ላይ ቢኖር ኖሮ 450 ኪሎ ዛላ ይገዛ ነበር። ልዩነቱ 45,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የክብደት መቀነስ፣ የመጋዘንና የጥበቃ ወጪ ቢነሳ እንኳ የሚቀረው፣ ሱቆቹ በእነዚያ ስምንት ወራት ከሚሰጧት 12,000 ብር ይበልጣል። እርግጥ ዋጋው እንደተገመተው ላይጨምር ይችላል፤ ዛላ አከማችቶ ክረምት ማሳለፍም የራሱ አደጋ አለው፣ መጋዘኑ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል፣ የሻገተ በርበሬ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ቀንጥሶና ቆልቶ የሚድን ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ለሱቅ በዱቤ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ በታኅሣሥ የት እንደሚሆን ማሰብ አለበት። በእኔ አስተያየት የዱቤ አቅርቦት ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መቆም፣ ውጭ ያለውም በኅዳር መሰብሰብ አለበት። በዚያ ወቅት እጅ በእጅ የሚከፍል ሱቅ ብቻ ይቀጥል።

ሱቆች ሲደራደሩ የምትሰሙት «20 ከመቶ ይኑረን» የሚል ነው። ከምኑ ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ከመግዣው ላይ 20 ከመቶ ጨምሮ በ620 የሚሸጥ ሱቅ ከእናንተ የሚገዛው በ517 ገደማ ነው። ከመሸጫው ላይ 20 ከመቶ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ በ496። ሁለቱም «20 ከመቶ» ነው፤ ልዩነቱ በኪሎ 21 ብር ሲሆን ቀደም ብለን ያገኘነውን የአሥር ብር ብልጫ ዋጥ አድርጎ ያልፋል። የመቶኛ ንግግር ትታችሁ «እናንተ በስንት ትገዛላችሁ፣ በስንት ትሸጣላችሁ» ብላችሁ በብር ብትጽፉት ይሻላል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከዚህ በተጨማሪ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድና የምርት ቀን ይጠይቃሉ፤ ሲከፍሉም ዊዝሆልዲንግ ሊቆርጡ ይችላሉ። ዊዝሆልዲንግ ቅድሚያ የተከፈለ ግብር ስለሆነ አልጠፋም፤ ግን የተቆረጠበትን ደረሰኝ ካልተቀበላችሁ ዓመቱ ሲዘጋ እንደጠፋ ቁጠሩት።

ታዲያ ለሱቅ መስጠት ለምን ያስፈልጋል? ስሙ ስለሚታይ ነው። በጆንያ የሄደ በርበሬ ማንንም ደንበኛ አያመጣም፤ ሱቅ የገባ እሽግ ግን ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ቤት ይገባል። ቁጥጥሩም በከፊል ይኖራል፦ ማሸጊያው፣ ቀኑና ስሙ የእናንተ ነው። መደርደሪያው ግን የእናንተ አይደለም። በርበሬ በሚያሳይ ላስቲክ ታሽጎ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተደረደረ ቀለሙ በሳምንታት ውስጥ ከቀይ ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል። ገዢው የሚያየው ያረጀ በርበሬ ነው፤ ጥፋተኛ የምትሆኑት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ሱቅ ስትገቡ የፊተኛውን ብቻ ሳይሆን የኋለኛውንም እሽግ አንሱና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ የፊተኛው ከደበዘዘ ቦታው ነው፣ ሁለቱም ከደበዘዙ ዕቃው አልሄደም። እሽጉን ስትጫኑት ቋጠሮ ከተገኘበት እርጥበት ገብቶታል፣ መጀመሪያ የሚፈተሸውም የራሳችሁ ማሸጊያ ስፌት ነው።

ቀጥታ ለሸማቹ

ከጎጃም ወጥቶ አዲስ አበባ የሚኖረው ሰው የሀገሩን በርበሬ ይፈልጋል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ የሚያምነውን አዘጋጅ ይፈልጋል። ውጭ ሀገር ለሚኖር ዘመዱ የሚልክም አለ። በስልክና በቴሌግራም ታዘዘ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ተከፈለ፣ በአውቶብስ ተጫነ፣ ተቀባዩ አውቶብስ ተራ ሄዶ ተረከበ። አንድ ኪሎ 620 ብር። ከ400 ወጪ በላይ 220 ይቀራል። ካርቶንና የግማሽ ኪሎ ማሸጊያ 12፣ ለመኪና 15፣ ለስልክ፣ ለጠፋና ለተሳሳተ ዕቃ 13 ብንይዝ 180 ብር ነው።

ሰዓቷ ግን አልታሰበም። በወር 60 ኪሎ በ40 ትዕዛዝ ትሸጣለች እንበል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ፣ ጥያቄውን መመለሱ፣ «በጣም ያቃጥላል ወይ?»፣ «ኮረሪማው ብዙ ነው?»፣ ማሸጉ፣ መናኸሪያ መውሰዱ፣ ደረሰ አልደረሰ ብሎ መደወሉ ተደምሮ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሰዓቷን በ75 ብር ብናስበው ወሩ 3,000 ብር ነው፤ በኪሎ 50። የሚቀረው 130 ብር ነው። ከሦስቱም የተሻለ ትርፍ ይህ ነው፤ በወር የሚያስገኘው ግን 7,800 ብር ብቻ ነው፣ ምክንያቱም 60 ኪሎ ነው። ወደ 300 ኪሎ ልውሰደው ብትል 200 ትዕዛዝ፣ ማለትም 200 ሰዓት፣ የአንድ ሰው ሙሉ ሥራ ይሆናል፤ በርበሬውን የሚደልዘው ማን ሊሆን ነው?

ቁጥጥሩ ግን እዚህ ሙሉ ነው። ዋጋውን የምትወስነው እሷ ናት፣ ስለ ጨው መብዛት የምትሰማው በሦስተኛ ቀን ነው፣ ገንዘቡ ዕቃው ሳይወጣ ይገባል። ደካማ ጎኑ መንገድና ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ ሽያጩን በቴሌግራም ላይ ብቻ የመሠረተ ሰው በአንድ ቀን ከገበያ ወጣ። የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ በወረቀት ደብተር ጻፉ፤ ስልክ በሚሠራበት ጊዜ ደውሎ መሸጥ ይቻላል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ የሚታመን ዘመድ ቤት የተቀመጠ ሃያ ሠላሳ ኪሎ ብዙ ያድናል።

ሁለቱን መንገድ አብሮ ሲሄዱ

ሱቅም ቀጥታም የሚሸጥ ሰው የሚሰናከልበት ነጥብ ዋጋ ነው። ሱቁ በ620 እየሸጠ እናንተ በቴሌግራም በ560 ስትለጥፉ ባለሱቁ በሳምንት ውስጥ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ተቆጥቶ አይደውልም። ዕቃችሁን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ያወርደዋል፣ ሰው ሲጠይቀው የሌላውን ያሳያል። ምልክቱ፣ ትዕዛዝ እየቀነሰ የሚመለስ ዕቃ ግን አለመኖሩ ነው፤ ምክንያቱም ያለው ሳይሸጥ ተቀምጧል፣ አዲስም አያዝም። ስለዚህ ቀጥታ ዋጋችሁ ከመደርደሪያው ዋጋ አይውረድ። ለሸማቹ ልታደሉ ከፈለጋችሁ ሦስት ኪሎ ለገዛ ሩብ ኪሎ ሽሮ ጨምሩ፤ ቅናሽ አይባልም፣ ባለሱቁም አይቀየማችሁም።

ለባለሙያችን የምመርጠው ክፍፍል ይህን ይመስላል። ቀጥታ የሚሄደው 60 ኪሎ አይነካ፤ ከዚያ በላይ የሚመጣ ትዕዛዝ ካለም ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥ። ከቀረው 240 ውስጥ ለሱቅ የሚሰጠው 60 ኪሎ ብቻ ይሁን፣ ያውም ለአራት ሱቆች፤ አሥራ አምስት ሱቅ ለስም አያስፈልግም፣ ለስም የሚበቃው ሰው የሚበዛበት መንገድ ላይ ያሉ ጥቂቶች ናቸው። 180ው ለሁለት ጅምላ ነጋዴዎች ይሂድ፤ ደሞዝና ዛላ የሚከፍለው ገንዘብ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዛላ ውድ በሆነበት በክረምት አጋማሽ ደግሞ የጅምላው መጠን ይቀንስ፣ ምክንያቱም ነጋዴው ራሱ ፈልጎ የሚመጣበት ወቅት ነው፣ ዋጋ መጠየቅ የሚቻለውም ያኔ ነው።

ይህ ክፍፍል ለማን አይሆንም? ወፍጮ፣ ማሸጊያ ማሽንና በቂ ካፒታል ላለው፣ በወር አሥር ኩንታል ለሚያወጣ ድርጅት ሱቁ በአሥር ብር ብልጫም ያዋጣዋል፤ አንድ መኪና አርባ ሱቅ በአንድ ዙር ሲያዳርስ እየዞረ ለሚያራግፈውና ገንዘብ ለሚሰበስበው ሰው የያዝነው 22 ብር ወደ ስምንት ዘጠኝ ሊወርድ ይችላል። በወር ሠላሳ ኪሎ በቤቷ ለምታዘጋጅ ሴት ደግሞ ጅምላ ነጋዴው ጨርሶ አይመጣላትም፤ ቀጥታ ሽያጭ ብቻ ይበቃታል።

አዲስ ሱቅ ስትይዙ የመጀመሪያው አሥር ኪሎ እጅ በእጅ ይሁን። ካልተስማማ አምስት ኪሎ በሁለት ሳምንት ዱቤ ስጡና ቀኑ ሲደርስ ራሳችሁ ሂዱ። በቀኑ ሙሉውን ከከፈለ መጠኑን ጨምሩ፤ ግማሹን ሰጥቶ አዲስ ዕቃ ከጠየቀ፣ የድሮውን ቀሪ ሳይከፍል አዲስ አታራግፉ።